«ይቻላል፤ ዋጋውና ቀኑ ግን ይኸውልዎት»

«ወንድሜ፣ እንደምን አመሸህ? ትንሽ ነገር ነበረች፤ ካላስቸገርኩህ…» ብሎ የሚጀምር የድምፅ መልእክት በቴሌግራም ያልደረሰው ባለሙያ የለም ማለት ይቻላል። ያቺ «ትንሽ ነገር» አንዳንዴ በእርግጥም ትንሽ ናት፤ እጀታ መቀየር ብቻ ትሆናለች። አንዳንዴ ደግሞ የተቆረጠ ቦርድ ያስጥላል፣ የተዘጋጀ ግራናይት ያስቀይራል፣ የርክክቡን ቀን ያራዝማል። ለደንበኛዋ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ወርክሾፑ ውስጥ ሥራው የት እንደደረሰ አታይማ።

ለእንዲህ ያለው መልእክት አብዛኛው ባለሙያ የሚሰጠው መልስ መጀመሪያ ላይ «ችግር የለም» ነው። ይሉኝታ አለ፤ ደንበኛዋን ያመጣት የታወቀ ሰው ነው፤ ገና ቀሪ ክፍያም አለ። ሁለተኛው ለውጥ ሲመጣም «እሺ፣ ሒሳቡን በኋላ እንነጋገራለን» ይላል። ሦስተኛው ላይ ግን ትዕግሥቱ ያልቅና ስልክ ማንሳት ያቆማል፣ ወይም ሳያስበው ቃል ይወጣዋል። ደንበኛዋም «እስካሁን እሺ ሲለኝ ቆይቶ ዛሬ ምን ነካው?» ብላ ትቀየማለች። እውነቷን ነው። የለውጡ ዋጋ ለውጡ በተጠየቀ ቀን ካልተነገራት፣ ነገሩ በነፃ የተሠራላት ቢመስላት አይፈረድባትም። ስለዚህ ለእኔ ጨዋው መልስ ዋጋውንና ቀኑን በዚያው ዕለት፣ በጽሑፍ፣ ምርጫውን ለደንበኛዋ ትቶ የሚናገር መልስ ነው። «ችግር የለም» ብሎ በኋላ መኮራረፍ ጨዋነት አይደለም።

ነገሩን በአንድ ሥራ ላይ እንየው። ዋጋዎቹ ለማስረዳት የቀረቡ የምሳሌ ዋጋዎች ናቸው፤ የሥራው አካሄድ ግን የኪችን ካቢኔት ሠሪዎች በየጊዜው የሚያልፉበት ነው።

አንዲት መምህርት ለኮንዶሚኒየም ቤታቸው ኪችን ካቢኔት ያዝዛሉ። ግድግዳው 4.20 ሜትር ነው። በ18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ የሚሠራ ታችኛና ላይኛ ካቢኔት ከነግራናይቱ በ240,000 ብር፣ በ21 የሥራ ቀን ሊጠናቀቅ ተስማሙ። 60 በመቶው፣ ማለትም 144,000 ብር፣ ቅድሚያ ተከፈለ። ንድፉ ላይ ሁለቱም ፈረሙ፤ የርክክቡ ቀን ጥር 20 ሆነ። ውሉ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ብቻ ሳይሆን ምን እንደማይሠራም ተጽፏል፤ የቧንቧ ሥራ፣ የኤሌክትሪክ መስመር፣ የግድግዳ ቀለምና ሴራሚክ የባለቤቷ ኃላፊነት ናቸው።

ይህ የመጨረሻው መስመር በብዙ ውሎች ላይ አይገኝም። «ኪችን ካቢኔት ሙሉ» ተብሎ ብቻ ይጻፍና በኋላ «ሙሉ» ማለት የሲንኩን ቧንቧ ይጨምራል፣ አይጨምርም የሚል ክርክር ይነሣል። ውሉ እንዲህ ተድበስብሶ ከሆነ ባለሙያው ደንበኛው ላይ ጣቱን መቀሰር አይችልም። የሚሻለው «ይህ በግልጽ አልተጻፈም ነበር፤ ግማሹን እኔ ልቻለው፣ ግማሹን እርስዎ ይቻሉት» ብሎ ተስማምቶ፣ ያኔውኑ የቀረውን በዝርዝር መጻፍ ነው። ድርቅ ብሎ መከራከር የሚያዋጣው ወረቀቱ ሲደግፍ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ለውጥ የመጣው በሁለተኛው ቀን ነው። ነጭ የነበረው ቀለም የዋልነት እንጨት መልክ እንዲኖረው ፈለጉ። ቦርዱ ገና አልተገዛም፤ ስለዚህ የሚባክን ነገር የለም፣ የዋጋ ልዩነት ብቻ ነው ያለው። ሥራው 9 ቦርድ ይፈጃል፤ አዲሱ ቦርድ በአንዱ ላይ 1,500 ብር ይበልጣል፤ ልዩነቱ 13,500 ብር ሆነ፣ ቀኑ አልተነካም። ይህን በአንድ አጭር መልእክት መጨረስ ይቻላል።

ሁለተኛው ለውጥ ሲመጣ ግን ቦርዱ ተቆርጧል። መምህርቷ ላይኛው ካቢኔት ውስጥ ለማይክሮዌቭ የሚሆን ክፍት ቦታ እንዲኖር ጠየቁ። እንደ ሰሚው ከሆነ አንድ መዝጊያ መተው ብቻ ነው። ነገር ግን ላይኛው ካቢኔት ጥልቀቱ 32 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተቆርጧል፤ አብዛኛው ማይክሮዌቭ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል፣ ከኋላውም አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይፈልጋል። ስለዚህ የዚያ ሳጥን ጎኖችና ወለል እንደገና ከአዲስ ቦርድ መቆረጥ አለባቸው፤ ጠርዙ የለበሰው መዝጊያም ማጠር አለበት። አንድ ቦርድ 7,500 ብር፣ የጠርዝ ልባስና ማጠፊያ 1,200 ብር፣ የሁለት ቀን የእጅ ዋጋ 5,000 ብር፤ በድምሩ 13,700 ብርና ሦስት ተጨማሪ ቀን። ሶኬቱን የሚያወጣው የባለቤቷ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው።

ዋጋ ሲነገር እንዲህ ተዘርዝሮ ቢነገር ይመረጣል። «13,700 ብር ይጨምራል» ብቻ ሲባል ሰው የተበዘበዘ ይመስለዋል። ቦርዱ፣ ጠርዙ፣ የእጅ ዋጋው ለየብቻ ሲቀመጥ ግን ደንበኛዋ ራሳቸው «መዝጊያውን ባናሳጥረውስ?» ብለው መቀነሻ ይፈልጋሉ። ባለሙያውም ሲለመን አንድ ነገር ይያዝ፦ ዋጋ የሚቀነሰው ሥራ ሲቀነስ ነው። ሥራው እንዳለ ሆኖ ብሩ ብቻ ከወረደ የመጀመሪያው ዋጋ ተጋኖ ነበር ማለት ይሆናል፤ ቀጣዩንም ዋጋ ማንም አያምነውም። ዋጋው ተጨማሪ እሴት ታክስን ይጨምር ወይም አይጨምር እዚያው ይጻፍ፤ 15 በመቶ በመጨረሻው ሒሳብ ላይ ድንገት ሲመጣ ከለውጡ የበለጠ ያጣላል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ሒሳቡን እንመልከት። ሁለቱ ለውጦች ሲደመሩ 27,200 ብር ናቸው። ባለሙያው ከዚህ ሥራ 15 በመቶ አተርፋለሁ ብሎ ቢነሣ ትርፉ 36,000 ብር ነው። ሁለቱንም «ችግር የለም» ብሎ ቢያልፋቸው ከትርፉ አራት እጅ ሦስቱ እጅ ያህሉ ሄደ ማለት ነው፤ ያውም ዋናው ለውጥ ገና ሳይመጣ። ሥራ ተጀምሮ የሚጠፋ፣ ወይም ለመጨረሻው ገጠማ ልምድ የሌለው ልጅ የሚልክ ባለሙያ ብዙውን ጊዜ እዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው ነው። ስለዚህ ለውጥን በዋጋው ማስከፈል የሚጠቅመው ደንበኛዋንም ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ለውጥ የመጣው ታችኛው ካቢኔት ከተገጣጠመና ግራናይቱ ከተቆረጠ በኋላ ነው። «ወንድሜ፣ ሲንኩ ከመስኮቱ ሥር ተነሥቶ ወደ ግራው ግድግዳ ቢሄድ፣ ምድጃው ደግሞ መስኮቱ ጋ ቢሆን ምን ይመስልሃል?»

በንድፍ ላይ ይህ ሁለት ሳጥን ማለዋወጥ ይመስላል። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ሦስት ነገሮች ተያይዘው ይነሣሉ። ግራናይቱ የሲንክ ቀዳዳ ወጥቶለታል፤ የተቀደደ ድንጋይ ደግሞ አይደፈንም፣ አዲስ መገዛት አለበት። የፍሳሽ ቱቦው ከቆመበት 1.80 ሜትር ያህል መሄድ አለበት፤ ውኃው እንዳይተኛ ቱቦው በየሜትሩ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር እየወረደ መሄድ ስላለበት፣ እስኪደርስ 3.6 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ግድግዳው ተቦርቡሮ ሴራሚኩ ሊነሣ ይችላል። ይህ ሁሉ በውሉ መሠረት የባለቤቷ ሥራ ነው። ሦስተኛው የተገጣጠሙት ሁለት ሳጥኖች ናቸው፤ የሲንኩ ሳጥን ጀርባ ለቧንቧ ተከፍቷል፣ የመሳቢያው ሳጥን ግን አልተከፈተም።

እዚህ ላይ ባለሙያው ከመጻፉ በፊት አንድ ስልክ ይደውላል። የሚጠይቀውም «ለምን ፈለጉት?» የሚለውን ነው፤ ለመከራከር ሳይሆን ለማወቅ። መምህርቷ ሲንኩ ላይ ምንም ቅሬታ እንደሌላቸው፣ ችግራቸው የወጡ ሽታና እንፋሎት ሳሎን እየገባ ሶፋና መጋረጃው ላይ መቅረቱ እንደሆነ ነገሩት። ታዲያ ጥያቄው የጭስ ጥያቄ ነበር። ጭስ ደግሞ ግራናይት ሳይነካ ሊወጣ ይችላል። ይህን ጥያቄ ሳይጠይቁ ዋጋ መጻፍ ደንበኛን ያላስፈለገ ወጪ ውስጥ መክተት ነው፤ ተደጋጋሚ ለውጥ በሚያመጡ ደንበኞች ላይ ደግሞ ይህ ጥያቄ በተለይ ያስፈልጋል፤ ለውጡ የሚደጋገመው እውነተኛው ችግር ገና ስላልተነካ ሊሆን ይችላልና።

ከዚያ በኋላ በዚያው ምሽት የሚጻፈው መልስ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«እንደምን አመሹ? ቅድም በስልክ የተነጋገርነውን እንዳንረሳው ልጻፍልዎት። የወጡ ሽታና እንፋሎት ሳሎን እንዳይገባ ምድጃው ወደ መስኮቱ፣ ሲንኩ ወደ ግራው ግድግዳ ቢዛወር ብለዋል። ያጎደልኩት ካለ ያርሙኝ።

ሥራው አሁን ያለበት ይህ ነው፦ ታችኛው ካቢኔት ተገጣጥሟል፤ ግራናይቱ በተፈራረምንበት ንድፍ መሠረት ማክሰኞ ተቆርጦ የሲንኩ ቀዳዳ ወጥቶለታል። እስካሁን በተስማማነው፣ ማለትም በመጀመሪያው ውል፣ በቀለሙና በማይክሮዌቩ ቦታ፣ ጠቅላላ ዋጋው 267,200 ብር፣ ርክክቡ ጥር 23 ነው።

ሦስት አማራጭ አለን። አንደኛው በንድፉ እንዳለ መቀጠል ነው፤ ዋጋውም ቀኑም አይለወጥም። ሁለተኛው ሲንኩንና ምድጃውን ማዛወር ነው። አዲስ ግራናይት 38,000 ብር፣ የሁለቱ ሳጥኖች ሥራ 16,500 ብር፣ ጭማሪው 54,500 ብር ይሆናል። ጠቅላላው 321,700 ብር ሲሆን 8 የሥራ ቀን ስለሚጨምር ርክክቡ የካቲት 2 ይሆናል። የቧንቧና የሴራሚክ ሥራው በእርስዎ በኩል ነው። ሦስተኛው ምድጃውን ባለበት ትቶ በላዩ ጭስ መምጠጫ ማድረግ ነው። አንዱን ላይኛ ካቢኔት አሳጥሬ ቱቦውን ወደ ውጭ አወጣዋለሁ፤ ጭማሪው 6,800 ብር፣ ጠቅላላው 274,000 ብር፣ ርክክቡ ጥር 25 ይሆናል። መምጠጫውንና ሶኬቱን እርስዎ ያቀርባሉ።

እኔ ብሆን ሦስተኛውን እመርጥ ነበር፤ የፈለጉትን በትንሽ ወጪ ያስገኛል። ውሳኔው ግን የእርስዎ ነው፤ የመረጡትን በደስታ እሠራለሁ። ዋጋው እስከ ሐሙስ 11 ሰዓት ድረስ የሚጸና ነው፤ እስከዚያ የምድጃውን በኩል ሳልነካ ሌላውን እሠራለሁ። ከሐሙስ ካለፈ ግን የሠራተኞቹ ጊዜ ስለሚባክን በንድፉ መሠረት እቀጥላለሁ። ከመረጡ በኋላ ‹ሁለተኛው› ወይም ‹ሦስተኛው› ብለው ብቻ ይጻፉልኝ፤ ጭማሪው ሲገባ ሥራውን እጀምራለሁ። አክባሪዎ።»

ይህ መልስ ምን እንዳደረገ ልብ ይበሉ። የትም ቦታ «አይሆንም» አይልም፤ «ነግሬዎት ነበር» አይልም፤ ስለ ሦስተኛ ለውጥነቱም አያነሣም። በሌላ በኩል ከዋጋውም ከወሰኑም አንዲት ስንዝር አላፈገፈገም። ጥብቅነቱ በሙሉ ያለው በቁጥሩ፣ በቀኑና በ«እርስዎ በኩል» በሚሉት ቃላት ውስጥ ነው፤ ቃናው ግን ለታላቅ እህት እንደሚጻፍ ነው። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ቃናውን ያመርርና ቁጥሩን ያድበሰብሰዋል። «እንዲህ እየቀያየሩ እንዴት ይሠራል? ትንሽ ነገር ይጨምሩልን እንጂ» የሚል መልስ ሰውየውን ያስቀይማል፣ ብሩንም አያስገኝም፤ «ትንሽ ነገር» ስንት እንደሆነ ማንም አያውቅምና።

የጭማሪው ክፍያ እንደ ዋናው ሥራ 60 ለ40 ባይሆን ይመረጣል። ለአንድ ቤት ልክ የተቆረጠ ግራናይት ለሌላ ሰው አይሸጥም፤ ስለዚህ ቢያንስ የዕቃው ዋጋ ድንጋዩ ከመቆረጡ በፊት መግባት አለበት። ጭማሪዎችን አጠራቅሞ ርክክብ ቀን ማቅረብ ደግሞ ጠብ መጋበዝ ነው፤ በዚያን ቀን ደንበኛዋ ቀሪ ክፍያ እንጂ አዲስ ሒሳብ አይጠብቁም።

ስልክ ሁልጊዜ በጽሑፍ ይታሰር። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚለው አባባል እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል። ድምፅ የተላከልዎት እንደሆነ በጽሑፍ ይመልሱ፤ ከወር በኋላ ከብዙ ድምፅ መካከል አንዷን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል፣ ጽሑፍ ግን በአንድ ቃል ይገኛል። ይህ ጥርጣሬ አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1731 በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል ባቋቋሙት ሰዎች ላይ እንደ ሕግ እንደሚጸና ይደነግጋል፤ ለውጡም የውሉ አካል እንዲሆን ሁለቱም እንደተስማሙበት የሚያሳይ ነገር ያስፈልጋል። ትልልቅ ኮንትራክተሮች ቫሪዬሽን የሚሉት ወረቀት ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ለአንድ ወጥ ቤት ግን የቴሌግራም መልእክትና «ሦስተኛው» የሚል መልስ ከምንም በብዙ ይሻላል።

ማን እንደሚወስንም በመጀመሪያው ቀን ይታወቅ። ሚስት በስልክ ሲንኩን ታዛውራለች፣ ባል ሥራው ቦታ መጥቶ «ተወው» ይላል፤ ገጣሚው ልጅ ደግሞ ለሁለቱም «እሺ ጋሼ፣ እሺ እትዬ» ይላል። ወርክሾፑ አንድ ሰው ብቻ ለውጥ እንደሚያጸድቅ፣ ገጣሚዎችም የተጠየቁትን አድምጠው ለአለቃቸው ከማድረስ በቀር ቃል እንደማይገቡ ከተነጋገረ ብዙ ጣጣ ይቀራል።

ለውጥና ጥገና መለየታቸውም አይዘንጋ። መሳቢያው ከተያዘ፣ መዝጊያው ከተጣመመ፣ ልኬቱ ከንድፉ ከተለየ ይህ የባለሙያው ዕዳ ነው፤ ያለ ክርክር፣ ያለ ዋጋ፣ ቶሎ ይታረም። በራሱ ስሕተት ላይ ፈጣን የሆነ ሰው በሌላው ለውጥ ላይ ዋጋ ሲጠይቅ ይታመናል። ከልቡ ሊያደርግላቸው የፈለገው ነገር ካለም፣ ለምሳሌ ሁለት መደርደሪያ ቢጨምርላቸው፣ «ዋጋው 1,800 ብር ነው፤ ይህን በእኔ በኩል አድርጌዋለሁ» ብሎ ይጻፈው። ስጦታ መሆኑ ካልታወቀ ቀጣዩም በነፃ ይጠበቃል።

ከሁሉ በፊት ግን ለውጡን የሚቀንስ አንድ ነገር አለ። ሰው በወረቀት ላይ ያለ ወጥ ቤት በዓይነ ሕሊናው ማየት ያቅተዋል፤ የሚቀያይረውም ብዙውን ጊዜ ስለዚህ ነው እንጂ ለማስቸገር አይደለም። መጋዙ ከመነሣቱ በፊት ባለሙያው ቤቱ ድረስ ሄዶ የእያንዳንዱን ሳጥን ልክ በጠመኔ ግድግዳውና ወለሉ ላይ ቢያሰምር፣ ታችኛው ካቢኔት የሚቆምበትን ከ85 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ምልክት ቢያደርግና ደንበኛዋን «ምድጃው ጋ ይቁሙ፣ ሲንኩ ጋ ይቁሙ» ቢላቸው፣ የጭሱ ጉዳይ ያኔውኑ በተነሣ ነበር። ያኔ ደግሞ ሲንኩን ማዛወር የቧንቧ ሠራተኛ ዋጋ ብቻ ነበር፤ ግራናይቱ ገና ድንጋይ ቤት ነው፣ ሳጥኑም አልተቆረጠም።

ይህን የሚያነቡ አሠሪም ካሉ አንድ ነገር ልለምንዎት። ቀጣዩን «ትንሽ ነገር» ሲልኩ «ስንት ይጨምራል? ስንት ቀን ያዘገያል?» የምትል አንዲት መስመር አብረው ይላኩ፤ ዋጋ ያለበት መልስ ሲደርስዎት ደግሞ የተባለው ቀን ሳያልፍ የመረጡትን በጽሑፍ ይመልሱ።